ፋብሪካውን ያረመው ሰው

ሊቁ የሚለውን ስም ያወጡለት የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች ናቸው። እሱ ግን ለክብር ያወጡለት ይመስለዋል። ጠዋት የብረቱን ደረጃ ሲወጣ ከታች «ሊቁ መጣ፣ ሊቁ መጣ!» ሲባባሉ ይሰማና አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ያልፋል። ከኋላው የሚከተለውን ሳቅ አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም። ጆሮውም እንደ ባለቤቱ መራጭ ነው።

ከዚህ በፊት የቋንቋ መምህር ነበር። እሱ ተማሪዎቹን ንቆ፣ ተማሪዎቹም እሱን ፈርተው፣ ማንም ከማንም ምንም ሳይማር ብዙ ዓመት አለፈ። ቀጥሎ የአንድ መጽሔት አራሚ ሆነ። መጽሔቱ ሲዘጋ «አንባቢ ድሮ ቀረ» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ፤ በእሱ ቤት ጥፋቱ የአንባቢው ነው። ከዚያ በኋላ ነው የታሸገ ምግብ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ የቀጠረው። አስመጪው ስለ ቋንቋ ደንታ የለውም። ሕጉ ግን ከውጭ የሚገባ ምግብ ሁሉ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ መግለጫ ይኑረው ስለሚል አንድ የሚጽፍ ሰው አስፈለገው፤ ሊቁም ሥራ ፈቶ ተገኘ።

ሥራው እንዲህ ነው። ብስኩቱ፣ ቸኮሌቱ፣ የሾርባው ዱቄት በኮንቴይነር ይመጣል። ከየዓይነቱ አንዳንድ ናሙና ወደ ሊቁ ክፍል ይወጣል። ክፍሉ ከመጋዘኑ ራስ በላይ የተንጠለጠለች የመስታወት ሳጥን ናት፤ የካርቶን ሽታና የፎርክሊፍት ጩኸት ቀኑን ሙሉ ይገባባታል። ሊቁ የናሙናውን ጀርባ አንብቦ ይተረጉማል፣ የጥራት ኃላፊዋ ትፈርማለች፣ ታች ያለው ማተሚያ ነጭ ስቲከር ይተፋል፣ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው የሚቆሙት ሴቶች ደግሞ ስቲከሩን ከፓኬቱ ጀርባ ላይ ጥብቅ አድርገው ይለጥፉታል። የሚለጥፉት በፈረንጅኛው ጽሑፍ ላይ ነው፤ ሌላ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሌለ። የሊቁ ቃል አንዴ ከተለጠፈ የፋብሪካው ቃል አይታይም። ሊቁ ይህን አሠራር በጣም ይወደዋል።

የፋብሪካ ጽሑፍ ያንገሸግሸዋል። አንዱን ቃል አሥር ቦታ ይደጋግማሉ። ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ ይከታሉ። አንዳንዱን ቃል ያለ ምክንያት አድምቀው ይጽፋሉ፤ «የጽሑፍ ጌጥ መሆኑ ነው፣ የመንደር ሙሽራ ይመስል» ይላል። ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ግን መጨረሻ ላይ የሚያክሏት ማስጠንቀቂያ ናት። እገሌን ይዟል፣ የእገሌ ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል።

«ሊኖርበት ይችላል ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ የጥራት ኃላፊዋን አፋጥጧት ነበር አንድ ጊዜ። «ካለ አለ ነው፤ ከሌለ የለም ነው። ይሄ ምግብ ነው ወይስ ጥንቆላ?»

የጥራት ኃላፊዋ ኬሚስት ናት። ገና ወጣት ናት፣ ሁልጊዜ ትቸኩላለች፣ ሁልጊዜ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል። «ጋሼ፣ በዚያው ማሽን ለውዝ ያለበት ብስኩትም ስለሚያመርቱ ነው። ማሽኑ ቢታጠብም ጥቂት ሊቀርበት ይችላል። ትንሿም ብትሆን የምትጎዳው ሰው አለ» አለችው።

«እንዲህ የሚፈራ ሰው ቤቱ ቁጭ ይበል» አላት። እሷም ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች። እሱ እሷን ለቃላት ግድ የላትም ብሎ ይንቃታል፤ እሷም እሱን ለነገሩ ግድ የለውም ብላ ትንቀዋለች። እንዲህ እየተናናቁ አብረው ይፈርማሉ።

አንድ ቀን አዲስ ብስኩት መጣ። ባለ ሁለት ድርብ፣ መሀሉ የቸኮሌት ክሬም ያለው፣ ጥሩ ማሸጊያ። ፊቱ ላይ በአረንጓዴ ክብ ውስጥ «ላክቶስ የሌለበት» የሚል በፈረንጅኛ ተጽፎበታል። ሊቁ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ክቡን ትክ ብሎ አየው።

«ላክቶስ!» አለ፣ የሞተ አይጥ በጭራዋ እንዳነሳ ሰው ፊቱን አጨማዶ። «ማነው ላክቶስ የሚባለውን የሚያውቀው? እናት ሱቅ ገብታ ላክቶስ አለበት ወይ ብላ ትጠይቃለች?»

ኬሚስቷ በሩ ላይ ቆማ በስልክ ከጉምሩክ ሰዎች ጋር እየተጨቃጨቀች ነበር። ስልኩን በእጇ ሸፍና «ዝም ብለው ላክቶስ ብለው ይተዉት፣ ጋሼ» አለችው።

«የውጭ ቃል ተሸክሞ መዞር የሰነፍ ሥራ ነው» አለ ሊቁ፤ እሷ ግን ወደ ስልኳ ተመልሳለች። እሱም ብዕሩን አንስቶ፣ በሚወደው ቁጥብና ንጹሕ አጻጻፍ፣ ለስቲከሩ ራስ «ከወተት ነፃ» ብሎ ጻፈ። ጽፎም ራሱን ወዘወዘ፤ አማረለት። ያማረለትን ነገር ደግሞ ዳግመኛ ማየት ልማዱ አይደለም።

ከዚያ ወደ ጀርባው ዞረ። የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ካካዎ። ይሄ ሁሉ ደህና። ቀጥሎ ግን በደማቁ የተጻፈ «የወተት ፕሮቲን» የሚል መጣ።

እዚህ ላይ ቆመ። ብዕሩም ቆመ። ፊቱ ላይ ከወተት ነፃ የተባለ ብስኩት ጀርባው ላይ እንዴት የወተት ፕሮቲን ይኖረዋል? ማንም ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «ከላይ የጻፍኩት ልክ ነው ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሊቁ ግን ራሱን የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ሁለቱ ጽሑፎች ካልተስማሙ ከሁለት አንዱ ተሳስቷል፤ አንደኛው የእሱ ነው፤ ስለዚህ የተሳሳተው ሌላኛው ነው። ፋብሪካው ተሳስቷል! በዚያ በማዶ አገር ያለው ሞተር፣ ላቦራቶሪ፣ ነጭ ጋዋን ለባሽ ሁሉ ተሰብስቦ ተሳስቶ፣ ከመጋዘኑ በላይ የተቀመጠው ሊቁ ደረሰበት። የብስኩት ማሸጊያ የሚጽፉ ሰዎች እንዴት ያሉ ደንቆሮዎች እንደሆኑ ያኔ ተረዳሁ ብሎ በኋላ ለእህቱ አውርቶላታል፤ እየሳቀ።

አረማቸው። «የወተት ፕሮቲን» የሚለውን «ገንቢ ንጥረ ነገር» አደረገው። ቀጥሎ «ሶዲየም ኬዚኔት» የሚል፣ እሱም በደማቅ የተጻፈ፣ ጉድ አለ። መዝገበ ቃላቱን ገለጠ፣ ኬዚኔት የለም። ሶዲየም ግን ጨው ውስጥ እንዳለ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ጨው ነው። ታች ሲወርድ ደግሞ ጨው ለብቻው ተጽፏል። ጨው ሁለቴ መጻፍ ድግግሞሽ ነውና አንዱን ሰረዘ። መጨረሻ ላይ «ስንዴ፣ ወተትና አኩሪ አተር ይዟል፤ የለውዝ ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» የምትል ያቺ የፈሪ ዐረፍተ ነገር ነበረች። ስንዴና አኩሪ አተር ከላይ ተጠቅሰዋል፤ ወተት የሚለው የፋብሪካው ስህተት መሆኑ ተረጋግጧል፤ ለውዙ ጥንቆላ ነው። ሙሉውን አስወጣው። የቀረው ጽሑፍ አጭር፣ ንጹሕ፣ ለንባብ የሚመች ሆነ።

ኬሚስቷ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፈረመች። ስልኳ ገና እየጮኸ ነበር። አላነበበችውም።

ሊቁ ሚስት አግብቶ ፈቷል፣ ልጅ የለውም። ያለችው ታናሽ እህቱ ናት። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፣ ባሏ ሩቅ አገር ይሠራል፣ አንድ ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷን ሁሉም ሚጢጢ ነው የሚላት፤ ፊደል ቆጥራ ጨርሳ ቃል መገጣጠም የጀመረች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅ ናት። ሚጢጢ ወተት አትችልም። ሕፃን ሆና አንዴ በእርጎ ማንኪያ ልትሞት ደርሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናትየዋ እንደ ሌላ ሰው አትገበያይም። ሱቅ ገብታ ፓኬት ታነሳለች፣ ጀርባውን ታዞራለች፣ ከዚያ አውራ ጣቷን የስቲከሩ ጥግ ላይ ሰክታ መፋቅ ትጀምራለች። ከሥሩ ያለውን ፈረንጅኛ ራሷ ካላነበበች አትገዛም። የወተት ስሞችን ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ኬዚን፣ ኬዚኔት፣ አጓት፣ የቅቤ ዘይት፣ በየትኛውም ፊደል ቢመጡ አያመልጧትም። ባለሱቆች ይሰድቧታል፣ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትፍቃለች።

ሊቁ አብሯት ገበያ ሲወጣ በኀፍረት መሬት ትዋጠኝ ይላል።

«የሰው ሥራ እኮ ነው የምትቧጭሪው!» ይላታል።

«የልጄ ነፍስ ነው የምፈልገው፣ ወንድም ጋሼ» ትለዋለች።

በልቡ ግን የእህቱን ነገር የዘመኑ ቅንጦት አድርጎ ነው የሚያየው። እኛ ስናድግ ያገኘነውን በላን፣ ማን ሞተ? ይላል። እህቱ ልጅቷ ወተት ነክቷት ትንፋሿ ሲያጥር የምትወጋውን የአድሬናሊን መርፌ አወጣጥና አወጋግ ልታሳየው ብትሞክር «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ብሎ ፊቱን አዙሯል። እህቱ መርፌው ያለባትን ቢጫ ቦርሳ የትም ስትሄድ ይዛት ትሄዳለች፤ እሱም በቦርሳዋ ይቀልድባታል።

ብስኩቱ ሱቅ በገባ በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ፓኬት ይዞ እህቱ ቤት ሄደ። ሳሎኑ በፀሐይ ተሞልቷል፣ ሚጢጢ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ቀለም ትቀባለች፣ እናትየዋ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ሊቁ ፓኬቱን ስቲከሩን ወደ ፊት አድርጎ እንደ ሽልማት ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

«እስቲ አንብቢው» አላት ሚጢጢን።

ሚጢጢ በጣቷ እየተከተለች «ከ... ወተት... ነፃ!» አለችና ዘላ ተነሳች። በሕይወቷ የቸኮሌት ክሬም ያለበት ብስኩት ቀምሳ አታውቅም። ልደት ቤት ሄዳ ሌሎች ልጆች ሲበሉ አይታ ነው የምታውቀው።

እህቱ ልብሱን ትታ መጣች። ፓኬቱን አነሳች፣ ስቲከሩን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ጥጉ ላይ ሰካች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት ሊቁ።

«ሥሩን ልየው ብዬ ነው።»

«የእኔን ጽሑፍ?» ድምፁ ተሰበረ፣ ፊቱ ቀላ። «ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ! ማንም ቸርቻሪ እንደሠራው ስቲከር እኔንም ልትቧጭሪኝ ነው? እንዲያውም ፋብሪካው ተሳስቶ ያስገባውን አርሜላቸዋለሁ። በእህቴ ቤት ካልታመንኩ የት ልታመን ነው?»

እህቱ እጇን ከስቲከሩ ላይ አነሳች። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ደብተሯን ያረመላት፣ አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን ያስጨረሳት እሱ ነው። ደግሞም ማን እንደጻፈው የማታውቀውን እንጂ ወንድሟ የጻፈውን አትጠራጠርም። «ይቅርታ፣ ወንድም ጋሼ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለችና ፓኬቱን ቀደደችው።

ሚጢጢ አንዱን ብስኩት ለሁለት ከፍላ ክሬሙን በምላሷ ላሰችው። ቀጥላ ሌላ ደገመች። ሊቁ ሶፋው ላይ ደገፍ ብሎ ፋብሪካውን እንዴት እንዳረመ በዝርዝር ይተርክ ጀመር።

ትረካው አላለቀም። «እማዬ፣ አፌን ያሳክከኛል» አለች ሚጢጢ። ጉሮሮዋን እህህ፣ እህህ አለች።

«ቸኮሌት ስላለመደች ነው» አለ ሊቁ።

እናትየዋ ልጇን ወደ መስኮቱ አዙራ አየቻት። የታችኛው ከንፈሯ አብጧል። አንገቷ ላይ እዚህም እዚያም ቀይ ሽፍታ እየወጣ ነው። ወዲያው የበላችውን ምንጣፉ ላይ አስመለሰችው።

«ወተት ነው!» አለች እናት።

«ወተት የለበትም! እኔ ነኝ የጻፍኩት እያልኩሽ!» ሊቁ ተነስቶ ቆመ። «ሌላ ነገር ነው። ምን አብልተሻት ነበር ጠዋት? ቀለሙ ይሆናል፣ ቀለሙን ልሳው ይሆናል!»

እህቱ ግራ ተጋባች። እጇ ቢጫዋ ቦርሳ ላይ ደርሶ ቆመ። ወተት ከሌለበት ምንድን ነው? ቀለም ነው? መርፌው ለዚያም ይሆናል ወይስ አይሆንም? የወንድሟ ቃል ባይኖር ምንም ሳታመነታ ትወጋት ነበር፤ ቃሉ ግን እዚያ ቆሞ ነበር፣ በልጅቷና በመርፌው መሀል። ሚጢጢ ሳለች፤ ሳሉ መጨረሻው ላይ ሲር የሚል ድምፅ ነበረው። ድምፅዋ ሻክሮ «እማ» አለች እንጂ «እማዬ» ማለት አልቻለችም።

ያኔ እናትየዋ ወንድሟን በክርኗ ገፍታ መርፌውን አወጣች። ክዳኑን ነቀለች፣ የልጅቷን ጭን በሱሪዋ ላይ በውጭ በኩል ወጋች፣ ጭና ያዘች። «መኪና ጥራ!» ብላ ጮኸችበት። እሱ ግን አፉን ከፍቶ ቆሟል። መኪናውን የጠራው ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ጎረቤት ነው።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ የሚጢጢ ትንፋሽ ሻል ብሎ ነበር። ኦክስጅን አደረጉላት፣ ጉሉኮስ ሰኩላት፣ ሐኪሟ መጣች። አጭር፣ ደረቅ፣ ዓይኗ የደከመ ሴት ናት። «ምን በላች?» አለች።

እህቱ «ወተት አትችልም» ብላ የያዘችውን ፓኬት ሰጠቻት። ሐኪሟ ስቲከሩን አነበበችና ግንባሯን ቋጠረች። «ወተት የለበትም ይላል። እንግዲህ ሌላ አለርጂ ይኖራት ይሆናል፤ ምርመራ እናደርጋለን፣ ስንዴውንም፣ አኩሪ አተሩንም...»

እህቱ ፓኬቱን መልሳ ወሰደች። አውራ ጣቷን ስቲከሩ ጥግ ላይ ሰካች። በዚያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ሲላቀቅ ድምፁ ይሰማ ነበር። ሊቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ጽሑፉ ተገፎ በእህቱ ጣት ላይ ተጠቅልሎ ቀረ፤ ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ፣ ያ የመንደር ሙሽራ የተባለው ደማቅ ፊደል ሁሉ በየቦታው።

ሐኪሟ በብዕሯ ጫፍ እየነካች አነበበች። «የወተት ፕሮቲን። ሶዲየም ኬዚኔት፣ እሱም የወተት ነው። ወተት ይዟል።» ከዚያ ገልብጣ አረንጓዴውን ክብ አየች። «አሃ። ላክቶስ የሌለበት ነው የሚለው። ላክቶስ እኮ የወተቱ ስኳር ነው። ስኳሩን አወጡለት እንጂ ወተቱ አለ። ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋው ሰው ይሄን ይበላል፤ እንደ ልጅሽ ያለችውን የሚገድላት ግን ፕሮቲኑ ነው።» ፓኬቱን አልጋው ላይ ወረወረችው። «የደመቁት ቃላት አለርጂ ያለበት ሰው ቶሎ እንዲያያቸው ብለው ነው የሚያደምቋቸው። ማን ነው ይሄን የተረጎመው? ማንበብ የማይችል ሰው ነው ወይስ ልጅ ወልዶ የማያውቅ?»

እህቱ አገጯን ወደ ግድግዳው አነሳች። «ወንድሜ ነው» አለች።

ሐኪሟ ሊቁን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ሊመለስባት ስለሚችል ዛሬ እዚሁ ትቆያለች» አለችና ለእናትየዋ ነግራ ወጣች። ሊቁ በዘመኑ ሙሉ ሰውን ሲያይ የኖረበትን አስተያየት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወዲያኛው በኩል አየው። ደስ አይልም።

በማግስቱ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ጫኞቹ «ሊቁ መጣ!» አሉ፤ ሳቁን ሰማው። አስመጪው ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ሻይ ይጠጣል።

«ብስኩቱ መሰብሰብ አለበት። ተሳስቻለሁ» አለ ሊቁ። የእህቱን ልጅ ነገርም ነገረው።

«ልጅቷ ተርፋለች አይደል?» አለ አስመጪው፣ ሻዩን ሳያስቀምጥ። «እንግዲያው ምን ያንጫጫዎታል? ትንሽ ማስተካከያ ስቲከር አሳትመን በላዩ ላይ እንለጥፋለን።»

«በስቲከር ላይ ስቲከር?»

«ምን ይላሉ፣ አንደኛው ይበቃ ነበር እኮ፣ እርስዎ ደህና አድርገው ቢጽፉት።»

ይሄን ሰው ለዘመናት ሲንቀው ኖሯል። መልሱን የሰጠችው በሩ ላይ የቆመችው ኬሚስት ናት፤ ሊቁ ማታውኑ ከሆስፒታል ደውሎላት ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። «ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጠዋት አሳውቄያለሁ» አለች። «ሳላነብ እንደፈረምኩም ጽፌያለሁ። መጋዘን ያለው እንዳይወጣ ታግዷል፤ ሱቅ ያለውን ዛሬ መሰብሰብ አለብን።» አስመጪው ሻዩን አስቀመጠ። ሊቁ ዞሮ አያት፤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም የምትችል መሆኗን ያኔ አወቀ፤ ቢያውቅም ምን ዋጋ አለው።

ሊቁ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ካርቶን ተሸክሞ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየወረደ፣ ብስኩቱን ከየመደርደሪያው እያነሳ። ባለሱቆቹ «እርስዎ ማነዎት?» ሲሉት «የጻፍኩት ነኝ» ይላል፤ እነሱም ይስቁበታል ወይም ይሰድቡታል፤ እንደየአመላቸው። አንድ ሱቅ ውስጥ ግን መደርደሪያው ባዶ ነበር።

«አልቋል» አለችው ባለሱቋ ፈገግ ብላ። «በጣም ይሄዳል። ወተት የሌለበት ስለሆነ ወተት የማይስማማቸው ልጆች ያሏቸው እናቶች ናቸው የሚወስዱት። አንዷማ ለእህቷም ብላ ብዙ ወሰደች።»

ሊቁ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ከወተት ነፃ የሚለውን ንጹሕ ቃል የሚፈልጉት ሌሎች ሰዎች አልነበሩም፤ እነዚያው ሊሞቱበት የሚችሉት ነበሩ፤ ቃሉ እየጠራ ከየቤታቸው ሰብስቦ አምጥቷቸዋል። ይሄን ያህል አንባቢ አግኝቶ አያውቅም።

ባለሱቋ የሴቶቹን ስልክ ፈልጋ ደወለች፤ የምታውቃቸውን ያህል። ለማታውቃቸው ሊቁ ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፎ በመስታወቱ ላይ ለጠፈ። የወተት ፕሮቲን አለበት፣ ሶዲየም ኬዚኔት አለበት እሱም ወተት ነው፣ ላክቶስ ባይኖረውም ወተት አለበት፣ ወተት ለማይችል አትስጡ። ወተት የሚለውን ሁሉ በደማቁ ጻፈው። እንዲህ ያለ የሚደጋገም፣ የውጭ ቃል የሞላበት፣ አስቀያሚ ጽሑፍ ጽፎ አያውቅም። በየሱቁ ያንኑ ጻፈ። የዚያች ብዙ የወሰደችው ሴት ስልክ ግን አልተገኘም፤ እስከ ዛሬም ማን እንደነበረች አያውቅም። ኬሚስቷን «የሰማሽው ነገር አለ?» እያለ ይጠይቃታል። «የለም» ትለዋለች።

እህቱ አልተጣላችውም። ቢጣሉ ይሻለው ነበር። እሑድ ሲመጣ በሩን ትከፍትለታለች፣ ሻይ ትሰጠዋለች፣ ስለ ሥራዋ ታወራዋለች። ስለ ቃል ግን አንድም ነገር አትጠይቀውም፤ ድሮ ደብዳቤ እንኳ ሳታሳየው አትልክም ነበር።

አንድ እሑድ የድንች ቺፕስ ይዞ ሄደ። ስቲከሩን ራሱ የጻፈው ነው፤ ከፋብሪካው ጋር ቃል በቃል አስተያይቶ፣ ማስጠንቀቂያውን ከነደማቁ አስገብቶ፣ ኬሚስቷም ሁለቴ አንብባ የፈረመችው። ጠረጴዛው ላይ አላቆመውም። እጁ ላይ ይዞት ቁጭ አለ።

ሚጢጢ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ፓኬቱን አየች፣ እሱን አየች። የፊት ጥርሷ ብቅ ብሏል።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችው።

«አዎ፣ የኔ እናት።»

ሚጢጢ ጀርባውን ገለበጠችው። አላነበበችውም። ትንሿን አውራ ጣቷን ስቲከሩ ጥግ ላይ ሰካችና መፋቅ ጀመረች፤ ጥፍሯ አጭር ስለሆነ ወረቀቱ እየተንሸራተተ አስቸገራት።

«አጎቴ፣ አንተ ያዝልኝ» አለችው። «እማዬ ናት የምታነበው።»

ሊቁ በሁለት እጁ ፓኬቱን ወጥሮ ያዘላት። «ከዚህኛው ጥግ ጀምሪ፣ እዚህ ጋ ይለቃል» አላት።